አርባ ባልዲ ቀለም፦ ከሽያጭ ትዕዛዝ እስከ ሌጀር

አንድ የቀለም አከፋፋይ ለአንድ የሕንፃ ተቋራጭ 40 ባልዲ ነጭ ቀለም በዱቤ ሸጠ እንበል። ሥራው ሁሉ በወረቀት የሚሄድ ከሆነ «40» የሚለው ቁጥር ስንት ጊዜ ይጻፋል? በሂሳብ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ይህንን ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ። መጀመሪያ ሻጯ በፕሮፎርማው ላይ ትጽፈዋለች። ደንበኛው ዋጋውን ሲቀበል በትዕዛዝ መዝገቡ ላይ ይደገማል። ስቶር ኪፐሩ በዕቃ ወጪ ሰነዱ ላይ ያሰፍረዋል፤ መልሶ ደግሞ መደርደሪያው ላይ በተንጠለጠለው ቢን ካርድ ላይ ይጽፈዋል። የስቶክ ሂሳብ የምትይዘው ሠራተኛ ወደ ስቶክ ካርዷ ታዛውረዋለች። ደረሰኝ ቆራጩ በደረሰኙ ላይ ያኖረዋል። በመጨረሻም የሂሳብ ሠራተኛው በብር ተምኖ ጆርናልና ሌጀር ውስጥ ያስገባዋል። ሰባት ጊዜ መሆኑ ነው፤ ያውም በአምስት ሰው እጅ።

በሰባቱ ግልባጭ መካከል 40 የነበረው 14 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከስህተቱ በላይ የሚጎዳው ግን መዘግየቱ ነው። ቢን ካርዱ ዛሬ ይሞላል፤ ስቶክ ካርዱ ከሦስት ቀን በኋላ፤ ሌጀሩ ደግሞ ወሩ ሲያልቅ። ስለዚህ በማንኛውም ቀን ሥራ አስኪያጁ «ስንት ባልዲ አለን? ስንት ብር ይከፈለናል?» ብሎ ቢጠይቅ ሽያጭ፣ ስቶርና ሂሳብ ሦስት የተለያየ መልስ ይሰጡታል። ሦስቱም አይዋሹም። እያንዳንዳቸው የሚያነቡት የየራሳቸውን መዝገብ፣ የየራሳቸውን ቀን ነው።

ዛሬ ኢአርፒ የሚባሉት ፕሮግራሞች ለዚህ ችግር የሰጡት መልስ ሲነገር ቀላል ነው። ቁጥሩ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል፤ የሚጻፈውም ነገሩ በተፈጸመበት ቦታ ነው። ሽያጩም፣ ስቶሩም፣ ደረሰኙም፣ ሌጀሩም የሚያነቡት ያንኑ አንድ ቁጥር ከአንድ ዳታቤዝ ነው። እነዚያን 40 ባልዲዎች ተከትለን ይህ በተግባር እንዴት እንደሚሆን እንይ።

ሐሳቡ ከየት መጣ

እ.ኤ.አ. በ1970 ኤድጋር ኮድ የተባለ የአይ.ቢ.ኤም ተመራማሪ መረጃን በሠንጠረዦች አድርጎ ሠንጠረዦቹን በጋራ መለያ ቁጥር ስለማያያዝ አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1972፣ አምስት የቀድሞ የአይ.ቢ.ኤም መሐንዲሶች ጀርመን ውስጥ ኤስ.ኤ.ፒ የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ። የመጀመሪያ ደንበኛቸው የአይ.ሲ.አይ ኩባንያ የናይለን ፋብሪካ ነበር። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር የሂሳብ ሥራ የሚሠራው በጥርቅም ነበር፤ የቀኑ ወረቀት ይሰበሰባል፣ በካርድ ላይ ይበሳል፣ ማሽኑ በሌላ ጊዜ ያነበዋል። እነዚህ ሰዎች የፈለጉት ድርጊቱ ሲፈጸም ወዲያው የሚመዘገብበትን ሥርዓት ነበር። የቀድሞ ፕሮግራሞቻቸው ስም በ«R» ፊደል ይጀምር የነበረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ «በዚያው ቅጽበት» ለማለት ነው።

ሐሳቡ በትልልቅ ፋብሪካዎች ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2005 ቤልጂየም ውስጥ የተጀመረው ኦዱ የተባለው ፕሮግራም መሠረታዊ ቅጂው በነፃ የሚገኝ በመሆኑ አነስተኛ ነጋዴም ይጠቀምበታል። የፕሮግራሞቹ ስምና መልክ ይለያይ እንጂ 40ዎቹ ባልዲዎች የሚሄዱበት መንገድ ተቀራራቢ ነው።

ትዕዛዙ ሲጸድቅ፦ ዕቃው ስም ይወጣለታል

የምሳሌያችን አከፋፋይ ስቶር ውስጥ 100 ባልዲ ነጭ ቀለም አለ። አንዱ ባልዲ የተገዛው በ1,500 ብር ነው፤ ስለዚህ በሌጀሩ ላይ የዚህ ዕቃ ሂሳብ 150,000 ብር ያሳያል። የመሸጫ ዋጋው ከቫት በፊት 2,000 ብር ነው።

በወረቀቱ ዘመን ሻጯ ስልክ ታነሳለች። «ጋሼ፣ ነጭ ቀለም 40 ባልዲ ይኖራል?» ትላለች። ስቶር ኪፐሩ መደርደሪያውን አየት አድርጎ «አለ ልጄ» ይላታል። እውነቱን ነው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግሞ ከሌላው ቅርንጫፍ ሌላ ሻጭ ይደውልና 70 ባልዲ እንዳለ ይጠይቃል። ዕቃው ገና ከቦታው አልተነሳምና አሁንም መልሱ «አለ» ነው። 100 ባልዲ ለ110 ባልዲ ቃል ተገባበት። ጠቡ የሚነሳው መኪናው ስቶሩ በር ላይ ሲቆም ነው።

በጋራ ዳታቤዝ ውስጥ ሻጯ ትዕዛዙን ስታጸድቅ ፕሮግራሙ ሁለት ነገር ይመዘግባል። በትዕዛዝ ሠንጠረዡ ላይ የደንበኛውን መለያ፣ የዕቃውን ኮድ፣ 40 የሚለውን ብዛትና ዋጋውን ያኖራል። በስቶክ ሠንጠረዡ ላይ ደግሞ ከ100ው ባልዲ 40ው ለዚህ ትዕዛዝ እንደተያዘ ይጽፋል። ባልዲዎቹ አልተንቀሳቀሱም፤ ቆጠራ ቢደረግ አሁንም 100 ናቸው። ለሌላ ሰው ሊሸጥ የሚችለው ግን 60 ሆኗል። ሁለተኛው ሻጭ 70 ሲጠይቅ ኮምፒውተሩ 60 ብቻ እንዳለ ይነግረዋል። እሱም ደንበኛውን አማክሮ 60ውን ያሲዛል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ትዕዛዝ ጸደቀ ማለት ሌጀር ተነካ ማለት አይደለም። ምንም ዕቃ እጅ አልለወጠም፣ ማንም ለማንም ዕዳ የለበትም። ትዕዛዝ ቃል ነው፤ ሌጀር የሚመዘግበው የተፈጸመውን ብቻ ነው። «የዚህ ወር ሽያጫችን» ብሎ የጸደቁ ትዕዛዞችን ደምሮ የሚያቀርብ ሥራ አስኪያጅ ገና ያላገኘውን ገቢ እየቆጠረ ነው።

ስቶሩ በር ላይ፦ 40 የነበረው 38 ሆነ

በማግሥቱ የተቋራጩ መኪና መጣ። ስቶር ኪፐሩ የሚወጣውን ዕቃ ዝርዝር በስክሪኑ ላይ ያገኘዋል፤ ማንም እንደገና አልጻፈውም፣ ከትዕዛዙ የመጣ ነው። ዕቃውን ሲያወጣ ግን ሁለቱ ባልዲዎች ተጨፍልቀው ክዳናቸው እያፈሰሰ ነው። 38 ጫነ። በስክሪኑ ላይ 40 የሚለውን ወደ 38 ለውጦ አጸደቀ።

ይህች አንድ ማጽደቂያ በጠቅላላው መንገድ ላይ ከባዷ ናት። በእሷ ምክንያት የስቶክ ቀሪው ከ100 ወደ 62 ወረደ። ከትዕዛዙ ላይ 38 ተፈጸመ ተባለ፤ ሁለቱ «ቀሪ» ሆነው ክፍት ቆዩ። የተጨፈለቁት ሁለት ባልዲዎች በስቶር ኪፐሩ እጅ «የተበላሸ ዕቃ» ወደሚል ቦታ ተዛወሩ፤ ለሽያጭ አይቀርቡም፣ ከቆጠራ ግን አልጠፉም። ሌጀሩም ለመጀመሪያ ጊዜ ተነካ። በ1,500 ብር የተገዙ 38 ባልዲዎች ከስቶር ወጥተዋልና 57,000 ብር ከዕቃ ሂሳብ ክሬዲት ሆኖ ተነሣ፤ ያው 57,000 ብር የተሸጡ ዕቃዎች ወጪ በሚለው ሂሳብ ላይ ዴቢት ሆኖ ተመዘገበ። የዕቃው ሂሳብ ከ150,000 ወደ 93,000 ብር ወረደ። 62 ባልዲ በ1,500 ሲባዛ ልክ 93,000 ይሆናል።

ጣሊያናዊው ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ውስጥ ባሳተመው መጽሐፍ የነጋዴዎችን የሁለትዮሽ አመዘጋገብ ካብራራ ወዲህ ደንቡ አልተለወጠም፤ ለእያንዳንዱ ዴቢት እኩል ክሬዲት ይኖራል። የተለወጠው ጸሐፊው ነው። ይህን የጆርናል ምዝገባ የፈጠረው ሂሳብ አዋቂ ሳይሆን በር ላይ ቆሞ ባልዲ የሚቆጥር ስቶር ኪፐር ነው። እሱ ዴቢትና ክሬዲት ላያውቅ ይችላል። የጻፈው 38 የሚለውን ብቻ ነው።

ታዲያ ሂሳቡን የመረጠው ማን ነው?

ኮምፒውተሩ 57,000 ብሩን የት እንደሚያኖር በራሱ አያውቅም። አስቀድሞ ተነግሮታል። ፕሮግራሙ ሥራ ላይ ሲውል የሂሳብ ክፍሉ ለእያንዳንዱ የዕቃ ምድብ አራት ያህል ጥያቄዎችን ይመልሳል። የዚህ ምድብ ዕቃ ስቶር ውስጥ ሳለ በየትኛው ሂሳብ ይቀመጥ? ሲወጣ ወጪው በየትኛው? ሲሸጥ ገቢው በየትኛው? ቫቱስ በየትኛው? «ቀለም» የሚለው ምድብ አንዴ ከተሞላ በኋላ በዚያ ምድብ ሥር ያለ ማንኛውም ባልዲ በወጣ ቁጥር ምዝገባው በዚያው መንገድ ይሄዳል።

የሂሳብ ባለሙያው ሥራ ስለዚህ አልጠፋም፤ ወደ ፊት ተሳበ። ድሮ እያንዳንዱን ሽያጭ አይቶ ይወስን ነበር፤ አሁን ውሳኔውን አንድ ጊዜ ያሳልፋል፣ ውሳኔው ሺህ ጊዜ ይፈጸማል። ብርታቱም አደጋውም ከዚሁ ይመነጫል። አንድ ሰው አዲስ የቀለም ብሩሽ ኮድ ሲከፍት በስህተት «የቢሮ ዕቃ» በሚል ምድብ ሥር ካስገባው፣ እያንዳንዱ የብሩሽ ሽያጭ ወጪ ወደ ቢሮ ወጪ ይሄዳል። ዴቢትና ክሬዲቱ እኩል ነው፤ የሙከራ ሚዛኑ ይገጥማል፤ ምንም ቀይ ምልክት አይወጣም። ስህተቱ የሚገለጠው የቢሮ ወጪው ያለ ምክንያት ሲያብጥና የብሩሽ ትርፍ ከልክ በላይ ሲያምር ነው።

ደረሰኙ የሚከተለው ትዕዛዙን ወይስ ዕቃውን?

አሁን ደረሰኝ ይቆረጥ። ተቋራጩ ያዘዘው 40፣ የወሰደው 38 ነው። በወረቀቱ ሥርዓት ደረሰኝ ቆራጩ ፊት ያለው የትዕዛዝ ወረቀቱ ስለሆነ 40 ብሎ ይቆርጣል። ደንበኛው ይቆጣል፤ ወይም ሳያስተውል ይከፍልና ከወር በኋላ «ገንዘቤን» ይላል። በጋራው ዳታቤዝ ግን ደረሰኙ በወጣው ልክ እንዲሠራ ማዘዝ ይቻላል። ፕሮግራሙ የደንበኛውን ስምና ዋጋውን ከትዕዛዙ፣ ብዛቱን ከስቶር መውጫው ወስዶ ደረሰኙን ያዘጋጃል። 38 በ2,000 ብር ሲባዛ 76,000 ብር፣ 15 በመቶ ቫት 11,400 ብር፣ ጠቅላላ 87,400 ብር።

ደረሰኙ ሲጸድቅ ሌጀሩ ለሁለተኛ ጊዜ ይነካል። ከተቋራጩ የሚሰበሰብ 87,400 ብር ዴቢት፤ የሽያጭ ገቢ 76,000 ብር ክሬዲት፤ ለመንግሥት የሚከፈል ቫት 11,400 ብር ክሬዲት። ተቋራጩ በባንክ ሲከፍል ደግሞ ባንኩ ዴቢት፣ ተሰብሳቢው ክሬዲት ይሆንና ዕዳው ይዘጋል። የዚህ ሽያጭ ጥቅል ትርፍ 19,000 ብር መሆኑን ለማወቅ ወር መጠበቅ አያስፈልግም፤ ገቢውም ወጪውም ከአንዱ ትዕዛዝ ጋር የታሰሩ ናቸው።

እስሩ ምን ያህል የጠበቀ እንደሆነ አንድ እውነታ ያሳያል። ኦዱ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው 13ኛ እትሙ ደረሰኝና የጆርናል ምዝገባን በሁለት ሠንጠረዥ ማስቀመጥ ትቶ `account_move` በሚባል አንድ ሠንጠረዥ አዋሐዳቸው። ደረሰኙ ራሱ የሌጀር ምዝገባ ነው ማለት ነው። አንዱ ወደ ሌላው የሚገለበጥበት ጊዜ ከሌለ በመካከል የሚጠፋ ነገርም አይኖርም። ከሌጀሩ 76,000 ብር ላይ ተነሥቶ ወደ ደረሰኙ፣ ከደረሰኙ ወደ ስቶር መውጫው፣ ከዚያም ሻጯ ወዳጸደቀችው ትዕዛዝ ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። ኦዲተር ሳጥን ሙሉ ወረቀት ሳያስገለብጥ ሽያጩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያያል።

መብራት በመካከል ቢጠፋስ?

ስቶር ኪፐሩ 38 ብሎ ሲያጸድቅ ዳታቤዙ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ቦታ ይጻፋል፤ ስቶኩ ይቀንሳል፣ አንድ ዴቢት ይገባል፣ አንድ ክሬዲት ይገባል። ስቶኩ ከቀነሰ በኋላ፣ ክሬዲቱ ከመግባቱ በፊት መብራት ቢሄድስ? ግማሹ የተጻፈ መዝገብ ካልተጻፈው የከፋ ነው።

ዳታቤዝ ይህን የሚከላከለው ሦስቱን ጽሑፎች በአንድ ቋጠሮ በማሰር ነው። በዳታቤዝ ቋንቋ አጥሮ ሲታይ እንዲህ ያለ መልክ አለው፦

```
BEGIN;
UPDATE stock SET qty = qty - 38 WHERE item = 'P204';
INSERT INTO ledger VALUES ('COGS', 57000, 0);
INSERT INTO ledger VALUES ('INVENTORY', 0, 57000);
COMMIT;
```

የመጀመሪያው ቃል ቋጠሮውን ይጀምራል፤ የመጨረሻው ያጸናል። ከመጨረሻው ቃል በፊት መብራት ቢጠፋ ዳታቤዙ ተመልሶ ሲነሣ ያልጸናውን ሁሉ ይሰርዛል፤ ስቶኩ 100 እንደሆነ ይገኛል፣ ሌጀሩም አልተነካም። ስቶር ኪፐሩ እንደገና ያጸድቃል፣ አለቀ። ሁለት ሻጮች በአንድ ቅጽበት ያንኑ ባልዲ ሊይዙ ሲሞክሩም ዳታቤዙ አንዱን አስቀድሞ ሌላውን ጥቂት ያስጠብቀዋል። የ100ውን ባልዲ ጠብ ያስቀረው ይህ ተራ አስከባሪነት ነው። እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ ፕሮግራም ኖሮት ማታ ማታ ፋይል በሚለዋወጥበት ቤት ይህ ቋጠሮ የለም። ሽያጩ በአንዱ፣ ስቶኩ በሌላው የሚቀመጥ ከሆነ በሁለቱ መካከል ሁልጊዜ የአንድ ቀን ክፍተት አለ።

የት ይበላሻል? እንዴት ይታወቃል?

ዳታቤዙ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። በተግባር ካየኋቸው ብልሽቶች ሦስቱን ላንሣ።

የመጀመሪያው የመለኪያ ነገር ነው። ባለ አንድ ሊትር ቀለም በካርቶን ይገዛል፣ በቆርቆሮ ይሸጣል። አንድ ካርቶን 12 ቆርቆሮ ይይዛል እንበል። ዕቃው ሲገባ «10» ተብሎ ካርቶኑ ከተመዘገበና መለኪያው ካልተገለጸ፣ ስቶሩ ውስጥ 120 ቆርቆሮ እያለ ሲስተሙ 10 ብቻ ያውቃል። በወረቀቱ ዘመን ይህ ስህተት ቢን ካርዱ ላይ ይቀር ነበር። አሁን ግን ሻጩ «የለም» ብሎ ደንበኛ ይመልሳል፣ የአንዱ ቆርቆሮ ወጪም በ12 እጥፍ ተጋኖ ሌጀሩ ውስጥ ይገባል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ የአንድ ዕቃ ትርፍ በድንገት ከባድ ኪሳራ ካሳየ መጀመሪያ መለኪያው ይታይ።

ሁለተኛው ከዜሮ በታች የሚወርድ ስቶክ ነው። የሲስተሙ ቀሪ ዜሮ በሆነበት ጠዋት 60 ባልዲ የጫነ መኪና ይመጣል። ስቶር ኪፐሩ ዕቃውን ያራግፋል፤ ገቢውን ግን «ከሰዓት አስገባዋለሁ» ይላል። እስከዚያ 20 ባልዲ ይሸጣል። ፕሮግራሙ ከፈቀደለት ቀሪው ከዜሮ በታች 20 ይሆናል። ሊኖር የማይችል ነገር ነው፤ በሲስተሙ ግን አለ። ወጪው የሚሰላው በምን ዋጋ ነው? ፕሮግራሙ የሚያውቀው የድሮውን 1,500 ብር ነው፤ አዲሱ ዕቃ ግን የተገዛው በ1,650 ነው። ከሰዓት 60ው ባልዲ በ99,000 ብር ሲገባ፣ አስቀድሞ የወጣው 30,000 ብር ተቀንሶ ለቀሩት 40 ባልዲዎች 69,000 ብር ይቀራል። እውነተኛ ዋጋቸው 66,000 ብር ነው። ፕሮግራሙ ልዩነቱን ካላስተካከለ 3,000 ብር ያለ ባለቤት ስቶክ ሂሳቡ ውስጥ ይንሳፈፋል። መድኃኒቱ ከዜሮ በታች መውጣትን መከልከልና ዕቃ ሲራገፍ እዚያው መመዝገብ ነው።

ሦስተኛው ወጥቶ ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ዕቃ ነው። 38ቱ ባልዲዎች ሰኔ 30 ወጥተው ደረሰኙ ሐምሌ 1 ቢቆረጥስ? የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 በሚዘጋበት ድርጅት 57,000 ብር ወጪው ባለፈው ዓመት፣ 76,000 ብር ገቢው በአዲሱ ዓመት ላይ ይወድቃል። አሮጌው ዓመት ያለ አግባብ ይጎዳል፣ አዲሱ ያለ አግባብ ያምራል። አንዳንድ ፕሮግራሞች ወጪውን እስከ ደረሰኙ ድረስ በመሸጋገሪያ ሂሳብ ያቆዩታል፤ ያም ሆኖ ዕቃው በደንበኛው እጅ ከገባ ገቢውም የዚያው ዓመት ነውና ዓመቱ ሲዘጋ በማስተካከያ መመዝገብ አለበት። ለማወቅ ከባድ አይደለም። ብዛቱ አንድ ቦታ ስለተጻፈ «የወጣው ከተቆረጠለት የሚበልጥባቸውን ትዕዛዞች አሳየኝ» ብሎ መጠየቅ ብቻ በቂ ነው። ያ ዝርዝር በየሳምንቱ መታየት አለበት።

በአገራችን አንድ ተጨማሪ ቀዳዳ አለ። ሕጋዊው ደረሰኝ ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚወጣበት ቤት አለ። መሣሪያው ከፕሮግራሙ ጋር ከተያያዘ ቁጥሩ ራሱ ይሻገራል። ካልተያያዘ ገንዘብ ተቀባይዋ በስክሪኑ ያየችውን በመሣሪያው ላይ በጣቷ እንደገና ትመታለች። አንድ ጊዜ ብቻ መጻፍ የሚለው ደንብ እዚህ ላይ ይሰበራል። እንዲህ ባለ ቤት የመሣሪያው የቀን ማጠቃለያና የሲስተሙ የቀን ሽያጭ በየማታው ጎን ለጎን መታየት አለባቸው። ወር ሙሉ ካደሩ ልዩነቱ የትኛው ደረሰኝ ላይ እንደተፈጠረ መፈለግ አድካሚ ነው።

ሲስተም በሌለበት ሰዓት ዕቃ በወረቀት መውጣቱም አይቀርም። ወረቀቱ ቁጥር ኖሮት፣ መብራት እንደተመለሰ በወጣበት ቅደም ተከተል ከገባ ጉዳት የለውም። ኪስ ውስጥ ያደረ ወረቀት ግን ከላይ ያነሣናቸውን ብልሽቶች ሁሉ መልሶ ያመጣል። ስህተት ሲገኝም መሰረዝ አይገባም። የጸደቀ ደረሰኝ በክሬዲት ኖት ይቀለበሳል፤ የተመለሰ ዕቃ በመመለሻ ሰነድ ይገባል። ስህተቱም እርማቱም በመዝገቡ ላይ ይቀመጣሉ። የሂሳብ ሠራተኛ ልዩነት ለመዝጋት ሲል የስቶክ ሂሳቡ ላይ በቀጥታ ጆርናል ከመታ ግን በባልዲውና በብሩ መካከል ያለውን ገመድ በራሱ እጅ በጠሰው ማለት ነው።

ከመግዛት በፊት

እንዲህ ያለ ፕሮግራም ለመግዛት የሚያስብ ነጋዴ ወይም ሥራ አስኪያጅ ካለ የምለምነው አንድ ነገር ነው። የፕሮግራም ሻጮችን ከመጥራትዎ በፊት አንድ ቀን ሙሉ ስቶርዎ በር ላይ ይቁሙ። ስንት ዕቃ ሳይጻፍ ይወጣል? አንዱ ዕቃ በስንት ስም ይጠራል? የተጨፈለቀው ባልዲ የት ይደረጋል? ለነዚህ መልስ ያላገኘ ቤት የሚገዛው ስህተቱን ከበሩ ወደ ሌጀሩ በአንድ ሰከንድ የሚያደርስ መንገድ ነው።

ፕሮግራሙ ካለዎት ደግሞ ወሩ ሲዘጋ ሦስት ነገር ይጠይቁ። በሌጀሩ ያለው የስቶክ ብር ከብዛቱ ዋጋ ጋር ይገጥማል? የተሰብሳቢው ሂሳብ ከደንበኞች ዕዳ ድምር ጋር እኩል ነው? ወጥቶ ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ዕቃ ዝርዝሩ ተብራርቷል? ሦስቱም ከተመለሱ ሰው ይላኩና ያስቆጥሩ። 38ቱ ባልዲ በወጡበት ቀን ማታ ሁለተኛው ደንበኛ ያስያዛቸው 60 ባልዲዎች ገና መደርደሪያ ላይ ነበሩ፤ የተጨፈለቁት ሁለቱም ጥግ ላይ ነበሩ። ሌጀሩ ላይ ያለው 93,000 ብር እውነት የሚሆነው ስቶሩ ውስጥ 62 ባልዲ ሲቆጠር ብቻ ነው።